ላዩ ደህና፣ ታቹ የተደረመሰ ኬክ

ጥያቄ፦ «ያጣራሁትን ኢንዛይም ፍሪዝ ድራይ እያደረግኩ ነው። ባፈሩ 20 ሚሊሞላር ሶዲየም ፎስፌት ነው፣ 5 በመቶ ሱክሮስ አለው፣ ጨው የለውም። በ10 ሚሊ ሊትር ቫያል 3 ሚሊ ሊትር እሞላና ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክሬ አቀዘቅዛለሁ። ከዚያ መደርደሪያው -20 ዲግሪ፣ ቫኪዩሙ 0.2 ሚሊባር። በማግስቱ ሳወጣው የኬኩ ላይኛው ግማሽ ነጭና ጥሩ ነው። ታችኛው ግን ተሸብሽቦ የቀለጠ ስኳር መስሏል። የኢንዛይሙ አቅምም በግማሽ ወርዷል። ከዚህ የበለጠ ፈጥኜ እንዴት ላቀዝቅዘው?»

መልስ፦

ከዚህ በላይ አይፍጠኑ። እንዲያውም ችግሩ ከፍጥነቱ የመጣ ይመስለኛል። ናይትሮጅኑን ይተዉት፣ መደርደሪያው ላይ ያቀዝቅዙ፣ ቫኪዩሙን ወደ 0.08 ሚሊባር ያውርዱ፣ ባፈሩንም ይቀይሩ። ይህን ብቻ ብዬ ባቆም ግን ነገ ሌላ ናሙና ሲመጣ እንደገና ግራ ይገባዎታል። ስለዚህ ምክንያቱን ላስረዳ።

ትልቁን ፍንጭ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፤ ላዩ ደህና፣ ታቹ የተበላሸ። ማድረቅ የሚጀምረው ከላይ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ተን ይሆናል፤ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፤ ኬክ የምንለው ይህን ቀዳዳ የበዛበት ደረቅ ቅሪት ነው። በደረቁና በበረዶው መካከል ያለው ድንበር በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ላይኛው ክፍል ሲደርቅ ምንም አልሆነም። ያኔ ናሙናው በቂ ቀዝቃዛ ነበር ማለት ነው። ድንበሩ ታች ሲደርስ ግን ናሙናው ሞቋል። መደርደሪያውን ማንም አልነካውም። ቫኪዩሙም ያው ነው። ታዲያ ምን አሞቀው?

ያሞቀው የደረቀው ክፍል ራሱ ነው። ከታች የሚወጣው ተን በላይኛው ደረቅ ኬክ ቀዳዳዎች ውስጥ ሾልኮ ማለፍ አለበት። ኬኩ በደረቀ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል። በረዶ ሲተን ደግሞ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ናሙናውን ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነው፣ ልክ ላብ ሲተን ሰውነትን እንደሚያቀዘቅዘው። መውጫው ሲጠብብ ትነቱ ይቀንሳል። ከመደርደሪያው የሚመጣው ሙቀት ግን አላቆመም። ውጤቱ ግልጽ ነው፤ በረዶው ይሞቃል።

ይሙቅ፣ ምን ችግር አለው? ችግሩ ስኳሩ ጋር ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ሱክሮሱንና ኢንዛይሙን ወደ ጎን እየገፋ ነው። በበረዶ ክሪስታሎቹ መካከል በጣም የወፈረ ሽሮፕ ይቀራል፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በረዶ መሆን ያልቻለ ውሃ ነው። ይህ ሽሮፕ ከ-32 ዲግሪ አካባቢ በታች እንደ መስታወት ደርቆ ይቆማል። ከዚያ በላይ ግን እንደ ማር መፍሰስ ይጀምራል። አጠገቡ ያለው በረዶ ተኖ ስለሄደ የሚደግፈው ነገር የለም። ግድግዳው ራሱ ላይ ይወድቃል፣ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፣ የታሰረው ውሃ መውጫ ያጣል። «የቀለጠ ስኳር መስሏል» ያሉት ይህንኑ ነው። ያቺን የሙቀት መጠን የመደርመሻ ሙቀት እንበላት። ከአንድ መለኪያ ዘዴ ወደ ሌላው አንድ ሁለት ዲግሪ ትለያያለች፤ ለሱክሮስ ግን በ-32 መሥራት ይቻላል።

አሁን ቫኪዩሙን እንይ። በረዶ በየሙቀቱ የራሱ የተን ግፊት አለው። በ-36 ዲግሪ 0.2 ሚሊባር ነው። የማድረቂያው ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት 0.2 ከሆነ፣ ከ-36 በታች የቀዘቀዘ በረዶ መተን አይችልም። ለመድረቅ የግድ ከ-36 በላይ መሞቅ አለበት። ጣሪያዎ ደግሞ -32 ነው። ስለዚህ ገና ሲጀምሩ የቀረዎት አራት ዲግሪ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ላይ ኬኩ ቀጭን ስለሆነ አራቷ ዲግሪ በቃች። ኋላ መንገዱ ሲጠብ አልበቃችም። በእርስዎ ቁጥሮች ትንሽ ሒሳብ ስሠራ፣ ወደ መጨረሻው ናሙናው -28 አካባቢ ሳይደርስ አልቀረም።

ግፊቱን ወደ 0.08 ቢያወርዱትስ? የዚያ ግፊት ወለል -44 ነው። በረዶው በ-35 ቢቀመጥ የራሱ ግፊት 0.22 ነው፤ ልዩነቱ 0.14 ሚሊባር ይሆናል። በአሮጌው አሠራር ናሙናው -32 ላይ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ 0.11 ብቻ ነበር። እያቀዘቀዙ ይፈጥናሉ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ እኔም መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። ነገር ግን ዝቅ ማድረጉንም አያብዙት። በቫያሉ ቂጥና በመደርደሪያው መካከል ሙቀት የሚያሻግረው ያቺ ትንሽ አየር ናት። ከ0.05 በታች ሲወርዱ ሙቀት መሻገሩ ራሱ ይደክማል።

አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ። የግፊት መለኪያዎ ፒራኒ ከሆነ፣ ክፍሉ በውሃ ተን ሲሞላ ከእውነተኛው 1.6 እጥፍ ያህል አብዝቶ ያነባል። ከላይ ያሰብኩት የጋዙ ዓይነት የማያሳስተው ካፓሲታንስ ማኖሜትር አለዎት ብዬ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ፣ ወደ ማቀዝቀዙ። ቀዳዳዎቹ የበረዶው ክሪስታሎች አሻራ ናቸው። ክሪስታሉ ትልቅ ከሆነ ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ ተኑ በቀላሉ ይወጣል። ክሪስታሉ ደቃቅ ከሆነ ቀዳዳው ጠባብ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚሰጥዎ ደቃቁን ነው። ያውም ወጥ አይደለም፤ ከመስታወቱ ግድግዳ ጋር የተነካካው ክፍል በአንዴ በረዶ ይሆናል፣ መሀሉ ዘግይቶ ይከተላል። ስለዚህ ናይትሮጅኑ ተን ለማውጣት የማይመች ኬክ ሠራልዎት፣ 0.2 ሚሊባሩ ደግሞ ማምለጫ አሳጣዎት። ሁለቱ ተባብረው ነው የደረመሱት። «ፈጥኖ የቀዘቀዘ ናሙና ይሻላል» የሚለው ምክር ሐሰት አይደለም፤ ግን በረዶ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ለሚያስቀምጡት ነው የሚሠራው። ለማድረቅ ሲሆን ሒሳቡ ይገለበጣል።

እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። «እሺ፣ መደርደሪያው ላይ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ባቀዘቅዝ ክሪስታሉ ቀስ ብሎ ያድጋል» ይላሉ። እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ቆመው ይመልከቱ። ቫያሉ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሽቦ፣ ቴርሞካፕል፣ ይክተቱ። 5 በመቶ ሱክሮስ በረዶ መሆን ያለበት ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ቴርሞካፕሉ -3 ይላል፣ ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው። -8፣ አሁንም ጥርት ያለ። -12፣ ምንም የለም። ከዚያ ዓይንዎን ሳያርገበግቡ ቫያሉ ከታች እስከ ላይ ወተት ይመስላል። ቴርሞካፕሉም ከ-12 ዘሎ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል። የመጀመሪያዋ የበረዶ ዘር የተወለደችው ያኔ ነው።

የክሪስታሉን መጠን በአብዛኛው የምትወስነው ያቺ ቅጽበት ናት። ፈሳሹ በ-6 በረዶ ከጀመረ ክሪስታሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ይሆናሉ። እስከ -16 ከታገሰ ግን በአንድ ጊዜ እልፍ ዘሮች ይወለዳሉ፣ ሁሉም ደቃቅ። የመደርደሪያው ፍጥነት በዚህ ላይ ያለው ሥልጣን ትንሽ ነው። ይባስ ብሎ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቫያሎች እንኳ እኩል አይደሉም። አንዱ በ-8 ይጀምራል፣ ሌላው በ-15። ፈሳሹ ንጹሕና በደንብ የተጣራ ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ዘር የሚሆን ብናኝ የለማ።

በዚህ ጉዳይ እኔም ተቃጥያለሁ። የሙቀት መለኪያው የገባበትን አንዱን ቫያል አምኜ፣ «ደርቋል» ሲለኝ መደርደሪያውን ከፍ አደረግሁት። ያ ቫያል እውነትም ደርቆ ነበር። የቀሩት ግን አልደረቁም። የቴርሞካፕሉ ሽቦ ራሱ ለበረዶ ዘር ይሆናል፤ ስለዚህ ያ ቫያል ቀድሞ በረዶ ይሆናል፣ ክሪስታሉ ይተልቃል፣ ቀድሞም ይደርቃል። ከ40 ቫያል ሦስቱን ብቻ አተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ የቴርሞካፕል ንባብ ላይ ሁልጊዜ ጥቂት ሰዓታት እጨምራለሁ።

የበረዶ ዘሯን በፈለጉት ሙቀት የሚያስወልዱ መሣሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ የበረዶ ጉም ወደ ክፍሉ ይነፋሉ፣ ሌሎቹ ግፊት ከፍ አድርገው በድንገት ይለቃሉ። ካለዎት ይጠቀሙበት። ከሌለዎት ግን ያለ ምንም አዲስ ዕቃ የሚሠራ ዘዴ አለ፤ አኒሊንግ ይባላል። ናሙናው ሙሉ በሙሉ በረዶ ከሆነ በኋላ መልሰው ወደ -18 አካባቢ ከፍ ያደርጉታል፣ እዚያም ሦስት አራት ሰዓት ያቆዩታል። ስኳሩ በዚያ ሙቀት ይላላል፣ በረዶው ግን አብዛኛው እንዳለ ነው። ትንንሾቹ ክሪስታሎች እየሟሙ ትልልቆቹ ላይ ይጠራቀማሉ። በ-8 የጀመረውና በ-15 የጀመረው ቫያልም ይቀራረባሉ። ማድረቁ ገና ስላልተጀመረ፣ በረዶውም ግድግዳውን ደግፎ ስለያዘ፣ በዚህ ሰዓት ከመደርመሻው ሙቀት በላይ መውጣት አይጎዳም።

ባፈሩን ይቀይሩ ያልኩት ለዚህ ነው። ሶዲየም ፎስፌት በረዶ ሲሆን ክፉ ጠባይ አለው። ከሁለቱ የፎስፌት ጨዎች አንዱ፣ ዳይሶዲየሙ፣ ክሪስታል ሆኖ ይለያል። ሌላው ብቻውን ሽሮፑ ውስጥ ይቀራል። ፒኤቹም ከ7 ተነስቶ ወደ 4 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ሱክሮሱ ይህን በከፊል ያግደዋል፣ ፈጥኖ ማቀዝቀዝም እንዲሁ። እኔ የምመክርዎት ደግሞ በዝግታ ማቀዝቀዝና በ-18 ማቆየት ነው፤ ይህ ለዚያ ክሪስታል ጊዜ መስጠት ነው። በአሮጌው ባፈር አዲሱን አሠራር ቢሞክሩ ኬኩ ያምርና ኢንዛይሙ ሊሞት ይችላል። 10 ሚሊሞላር ሂስቲዲን ይጠቀሙ፣ የኢንዛይምዎ ፒኤች ወደ 6 ወይም 6.5 የሚስማማው ከሆነ። ከፍ ያለ ፒኤች የሚፈልግ ከሆነ ትሪስ ይሁን። ጨው አለመኖሩ ጥሩ ነው፣ እንዳለ ይተዉት። ሶዲየም ክሎራይድ ከሱክሮስ ጋር ሲቀላቀል የመደርመሻውን ሙቀት ብዙ ዲግሪ ወደ ታች ይጎትተዋል። ግሊሰሮልማ ከጨመሩበት ይርሱት፣ በዚህ ማሽን አይደርቅም።

የአቅሙ መውረድ በፒኤች ብቻ ላይሆን ይችላል። ፕሮቲን የበረዶ ገጽ ላይ ተለጥፎ ቅርጹን ያጣል። ክሪስታሉ ደቃቅ ሲሆን ያ ገጽ በጣም ይሰፋል፤ ይህም ሌላው የናይትሮጅኑ ዕዳ ነው። 0.02 በመቶ ፖሊሶርቤት 80 ቢጨምሩ ብዙውን ጊዜ ይረዳል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። በቫያል 3 ሳይሆን 2 ሚሊ ሊትር እሞላለሁ። 3 ሚሊ ሊትር በእነዚያ ቫያሎች ውስጥ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ይቆማል፤ 2 ከሆነ ከ5 ትንሽ ይበልጣል። መንገዱ አጠረ ማለት ነው። ቫያሎቹን +5 ዲግሪ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ -5 ላይ ሌላ 30 ደቂቃ አቆያለሁ፤ ሁሉም በረዶ ወደ መሆን ሲሄዱ ከተቀራረበ ሙቀት እንዲነሱ ነው። ከዚያ በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ እስከ -45፣ እዚያ ሁለት ሰዓት። ወደ -18 ለአራት ሰዓት። ተመልሶ -45፣ አንድ ሰዓት ተኩል። አሁን ብቻ ነው ቫኪዩም የሚከፈተው፣ 0.08 ሚሊባር። ቫኪዩሙ ሲረጋ መደርደሪያውን በደቂቃ ግማሽ ዲግሪ ወደ -25 ከፍ አደርጋለሁ።

-25 ሲባል አይደንግጡ፣ መደርደሪያው እንጂ ናሙናው አይደለም። በዚህ ግፊትና በዚህ የመሙላት መጠን ናሙናው ከመደርደሪያው አሥር ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ -36 አካባቢ ይቀመጣል። ከ-32 አራት ዲግሪ በታች ነው፤ ይህ ቢያንስ ሊኖርዎ የሚገባ ርቀት ነው። ዳር የቆሙት ቫያሎች ከማድረቂያው ግድግዳና በር ተጨማሪ ሙቀት ስለሚያገኙ ከመሀሎቹ ይሞቃሉ። መጀመሪያ ሲደረመሱ የሚያዩት እነሱን ነው። ባዶ ቫያሎች ዙሪያውን ቢደረድሩ ይጠቅማል።

ይህ ደረጃ ወደ 24 ሰዓት ይወስዳል፣ ለጥንቃቄ 30 ይስጡት። መጨረሱን ከሰዓት ይልቅ በመለኪያው ይወቁ። ፒራኒና ካፓሲታንስ ሁለቱም ካሉዎት ሥራው ቀላል ነው። ተን እስካለ ድረስ ፒራኒው ከፍ ብሎ ይቆያል። በረዶው ሲያልቅ ወርዶ ካፓሲታንሱን ይገጥማል። ከተገጣጠሙ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠብቁና ብቻ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ።

ቀጣዩ በደቂቃ 0.1 ዲግሪ እስከ +25 ነው፣ እዚያ አምስት ሰዓት። ዝግታው ምክንያት አለው። ስኳሩ ውስጥ ገና የቀረ ውሃ አለ፣ ያ ውሃ ያላላዋል። ውሃው በወጣ ቁጥር የመላላቱ ሙቀት ከፍ ይላል። እርስዎ ከሱ ቀድመው ከሮጡ ደርቆ ያለቀ የመሰለው ኬክ እዚህም ይሸበሸባል። ሲጨርሱ እዚያው ቫኪዩም ውስጥ ይክደኑት፤ የደረቀ ሱክሮስ ከአየር እርጥበት ይስባል።

ምናልባት አዲሱም ኬክ ከታች ተበላሽቶ ይወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁለት ነገሮችን መለየት አለብዎት። መደርመስ ከሆነ ግድግዳው ተሸብሽቧል፣ የአየር አረፋ የመሰሉ ጎድጓዶች ይታያሉ፣ ከላይ ወደ ታች እየባሰ ይሄዳል። በረዶው ሳያልቅ ሙቀት ተጨምሮ ቀልጦ ከሆነ ግን ላዩ ፍጹም ነው፣ ከቂጡ ላይ ብቻ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ወይም መስታወት የመሰለ ሽፋን አለ። ሁለተኛው ጊዜ በመጨመር ይድናል። የመጀመሪያው በጊዜ አይድንም፤ መደርደሪያውን ወደ -30 ማውረድ አለብዎት። ኬኩ ከቫያሉ ግድግዳ ትንሽ ቢሸሽ ወይም ቢሰነጠቅ ግን አያስጨንቅዎ፣ ሱክሮስ እንዲህ ያደርጋል። የተደረመሰ ኬክም ሁልጊዜ የሞተ ኢንዛይም ማለት አይደለም። ግን እርጥበቱ ከፍተኛ ይሆናል፣ ውሃ ሲጨመርበት ቶሎ አይሟሟም፣ ሲቀመጥም አይቆይም።

ናሙናዎ ኢንዛይም ሳይሆን ሕያው ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ አኒሊንጉን አልመክርም ነበር። በወፈረ ሽሮፕ ውስጥ ሰዓታት መቆየት ሕዋስ ይገድላል።

ለኢንዛይሙም ቢሆን አስቀድመው ይፈትሹ። ቫኪዩሙን ሳይከፍቱ ስድስት ቫያል ያዘጋጁ። ሁለቱን እንደ ድሮው ናይትሮጅን ውስጥ ይንከሩ። ሁለቱን መደርደሪያው ላይ እስከ -45 ያቀዝቅዙ። ሁለቱን ደግሞ እስከ -45 አቀዝቅዘው በ-18 አራት ሰዓት ያቆዩ። ሁሉንም አቅልጠው አቅማቸውን ይለኩ፣ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው። ናይትሮጅኑ ላይ ወርዶ መደርደሪያው ላይ ካልወረደ፣ የጎዳዎት ማቀዝቀዙ ነበር። ሦስቱም እኩል ደህና ከሆኑ፣ ጉዳቱ የደረሰው ማድረቁ ላይ ነው። ሦስተኛው ጥንድ ብቻ ከወደቀ ኢንዛይምዎ -18ን አይችልም፤ ያኔ አኒሊንጉን ይዝለሉት፣ መደርደሪያውን -30 ላይ ያድርጉ፣ ለማድረቁም ተጨማሪ አንድ ቀን ይመድቡለት።